ሳሙናው አልተለወጠም ነበር

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። በርበሬና ሽሮ አሽጋ ትሸጣለች። በቴሌግራም ጀምራ ዛሬ ዕቃዋ ሱፐርማርኬት ገብቷል። «ጋሼ፣ ሰው ስሙን ለምዶታል። በዚሁ ስም የፀጉር ቅቤ ላውጣ?» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት ወዲያው። «ለምን?» ስትለኝ ግን ዝም አልኩ። ምክንያት አጥቼ አይደለም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ነገር ስለመጣብኝ ነው። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። እሷን የማውቃት በሰው ነው፤ እናንተን ደግሞ ጭራሽ አላውቃችሁም። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ይቀላል መሰለኝ።

ያኔ በአንድ ሳሙና ፋብሪካ የገበያ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ስሙን አልጠራም። ፋብሪካው የሚታወቀው በልብስ ሳሙናው ነበር። ደረቅ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ እጅ የሚያደርቅ ሳሙና ነው። የሚያምር ነገር አልነበረውም። ልብስ አጣቢ ሴቶች ግን ሌላ አይነኩም። የመካኒክ ቱታ፣ የሠርግ ማግስት ወጥ የፈሰሰበት ነጠላ፣ ክረምት ሙሉ የተለበሰ ጋቢ፣ ሁሉም በእሱ ነው የሚለቀው። «ይነክሳል» ይሉታል። እጃቸውን እያሳዩን ነው እንዲህ የሚሉን። እኛ ቅሬታ ይመስለን ነበር፤ ለካ ምስጋና ኖሯል።

እናቴ ነጠላዋን በእንዶድ ነበር የምታጥበው። የእንዶድን ኃይል ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ስለማጥፋት መመራመር የጀመሩት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ነው እንግዲህ ነጠላ የሚያነጣው። እናቴ ግን እኛን በእንዶድ አጥባን አታውቅም። ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡንና የሕፃን ሳሙና እናወጣለን አሉ። በዚያው ስም። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ስሙን አገር ያውቀዋል፤ አዲስ ስም ለማስተዋወቅ የሚወጣው ገንዘብ ይተርፋል። ማሽኑ አለ። ዘይቱንና ሽቶውን መቀየር ብቻ ነው። የሕፃን ሳሙና ደግሞ በግራም ሲሰላ ከልብስ ሳሙና በብዙ ይወደዳል። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልዋሽም።

ገበያውን እንዳጠና ተላክሁ። ደብተር ይዤ በየሰፈሩ ሃያ ሴቶች አነጋገርኩ። አብዛኞቹ «ጥሩ ነው፣ እንገዛለን» አሉ። መቼስ አገራችን ነው፤ ደጅሽ ቆሞ ለሚጠይቅ ሰው ክፉ አይመለስለትም። አንዲት ሴትዮ ግን ሳፋ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ የሰው ቱታ ታጥባለች። ናሙናውን ሰጠኋት። አሸተተችው። ሳቀችና «ለሕፃን የሚሆን ከሆነማ ለዚህ ቱታ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ።

ቃሏን ጻፍኩት። ሪፖርቱ ላይ ግን አላስገባሁትም።

ለምን ብትሉኝ፣ ሕፃን የላትም። የአዲሱ ዕቃ ገዢ አይደለችም። የተላክሁት የሕፃን ሳሙና ማን እንደሚገዛ ለማወቅ ነበር። ስለዚህ «ከጥናቱ ውጪ» ብዬ ዘለልኳት። በሥራው ሕግ ልክ ነበርኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ አለቃዬ ምን መስማት እንደሚፈልጉ አውቅ ነበር።

ዕቃው ወጣ። የመጀመሪያው ወር ጉድ ነው! መጋዘን ባዶ ቀረ፤ ኬክ ተቆረሰ። ነገሩ ግን የተሸጠው ለጅምላ ነጋዴ እንጂ ለእናቶች አልነበረም። ነጋዴውንም እኛው ነበርን የምናስገድደው፤ ሁለት ካርቶን የሕፃን ሳሙና ካልወሰደ የልብሱን አንሰጠውም። እሱም በተራው ባለሱቁ ላይ ይጭናል። በሦስተኛው ወር ደግሞ ያዘዘ ሰው አልነበረም። መርካቶ ወርጄ ሳይ ካርቶኑ አቧራ ለብሶ ተደርድሯል። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ትዕዛዝ አሳይተው የሚፎክሩ ሰዎችን አላምንም። ሁለተኛውን አሳዩኝ ነው የምለው።

እስከዚህ ድረስ ተራ ኪሳራ ነው። ዕቃውን ታወርዳለህ፣ ትከስራለህ፣ ትረሳዋለህ። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ግን ሌላ ወሬ መጣ። የልብስ ሳሙናው ለሰለሰ ይሉን ጀመር። «አረፋው እንደ ድሮው አይደለም።» «እድፍ አያወጣም።» «ሽቶ ቀላቅለውበታል።» አንዷ እጇን ዘርግታ «ይኸው፣ አሁን አይነክስም» አለችኝ።

የላቦራቶሪ ኃላፊያችን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠረው እንቅልፍ የማይተኛ ነበር። ከመጋዘን የድሮ ሳሙና አስወጣ። ቅባቱን ለካ፣ ኮስቲክ ሶዳውን ለካ፣ እርጥበቱን ለካ። አንድ ነው። ሳሙናው ቅንጣት አልተለወጠም ነበር። ውጤቱን በወረቀት አሳትመን በየነጋዴው ላክን። አንዱ የመርካቶ ሰውዬ ወረቀቱን አየት አደረገና «ለቱታው አሳየው» ብሎ መለሰልኝ።

ያን ጊዜ ነው ደብተሬን ያወጣሁት። ሴትዮዋ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። በሰዎቹ ልብ ውስጥ ያ ስም አንድ ቃል ብቻ ነበር የያዘው፤ «ኃይለኛ» የሚል። እኛ ስሙን ሕፃን ፎቶ ላይ ለጠፍንና «ለስላሳ» አልን። ኃይለኛም ለስላሳም የሆነ ነገር የለም። ሰው ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው የቀድሞውን ሸርፎ አስታረቀው። እናቶቹ በበኩላቸው አላመኑንም፤ በእንዶድ ሕፃን ማን ያጥባል? በሁለት በኩል ተበላን። በዚህ መሐል ሌላ ፋብሪካ ሻካራ፣ ሽታው የከበደ ሳሙና ይዞ መጣ። አጣቢዎቹ ወደዚያ ሄዱ። እኛ ዋጋ ነው እያልን ስንከራከር ከረምን። የሕፃኑን ሳሙና በኋላ አቆምነው። የልብሱ ግን የድሮ ቦታውን አላገኘም። ከዚያ ፋብሪካ ስለቅ ደብተሩን ይዤ ወጣሁ፤ ሪፖርቱን እዚያው ተውኩት።

ከዚህ በኋላ ለዓመታት «ስም ከሙያው አይውጣ» እያልኩ ሰበክሁ። አሁን ሳስበው እሱም ልክ አልነበረም። ቢክን እዩ። እስክሪብቶ ሁሉ ቢክ ሲባል ያደጋችሁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1950 በእስክሪብቶ ጀመሩ። በ1973 ላይተር አወጡ፤ በ1975 የሚጣል የጺም መላጫ። እስክሪብቶና ምላጭ ምን ያገናኛቸዋል? ግን ስሙ የያዘው ቃል «እስክሪብቶ» አልነበረም። ርካሽ፣ ቀላል፣ ሲያልቅ የሚጣል ማለት ነበር። ላይተሩም ምላጩም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በ1989 አሜሪካ ውስጥ በ5 ዶላር ሽቶ ይዘው ቀረቡ። ርካሽና የሚጣል ሽቶ ለሚወዳት ሰው ማን ይሰጣል? አልሄደላቸውም፤ ከስረው አወጡት።

አሁን ልብ በሉ። ሽቶው ወደቀ፤ እስክሪብቶው ግን ምንም አልሆነም። «ቢክ ድሮ ቀረ፣ መጻፍ አቆመ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ሽቶ ከእስክሪብቶ በጣም ስለሚርቅ ሰው «ሙያቸው አይደለም» ብሎ አለፈው። የእኛ የሕፃን ሳሙና ግን ያው ሳሙና ነው። ቅርብ ሆኖ ዋናውን ቃል የሚቃረን ነገር ነው የገደለን። ሩቅ የሄደ ስም ብዙ ጊዜ ገንዘብ ይዞ ይጠፋል። ጎረቤት ሄዶ ራሱን የካደ ስም ግን እቤቱን ያፈርሳል። ያማሃ ኦርጋን እየሠራ የጀመረ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ሞተር ብስክሌት አወጣ። ዓርማው ላይ ዛሬም ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች አሉ። ፒያኖው በሞተሩ ምክንያት ድምፁ ተበላሸ ያለ የለም። ታዲያ «ስም ከሙያው አይውጣ» ያልኩት ምን ሆነ? እኔም አላውቅም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የእናንተ ዘመን ልጆች አንድ ነገር ይገርመኛል። በርበሬው ሳይደርቅ ሎጎው ያልቃል። ተከታይ ስንት እንደሆነ በአኃዝ ትነግሩኛላችሁ፤ ሰው ስሙን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ስጠይቅ «ጥራት» ትላላችሁ። ጥራት ምንም አይደለም። ሁሉም የሚለው ነው። (እኛም በጊዜያችን «ጥራት» ነበር የምንለው፤ ተውት።)

መልሼ ደወልኩላትና እንዲህ አድርጊ አልኳት። ሠላሳ የቆዩ የበርበሬ ደንበኞችሽን ጠይቂ። የፀጉር ቅቤ የሚገዙትን አይደለም፤ የበርበሬ ደንበኞችሽን። ለአሥራ አምስቱ ስለ ቅቤው ምንም ሳታነሺ፣ «ስሙን ስትሰሙ መጀመሪያ ምን ይመጣላችኋል?» በያቸው። ለቀሩት አሥራ አምስት መጀመሪያ የቅቤውን ዕቃ በስሙ አሠርተሽ አሳዪና ከዚያ ስለ በርበሬው ያንኑ ጠይቂ። ቃላቸውን እንደወረደ ጻፊ፤ አታሳምሪው። የሁለቱ ቡድን ቃል ከተለያየ፣ ቅቤው በርበሬሽን ምን እንደሚያደርገው ገና ሳይወጣ ታያለሽ። የሚያስቅሽን መልስ በተለይ አትዝለይ።

አንድ ደረቅ ነገርም ነገርኳት። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በዕቃ ምድብ ነው። በርበሬና ሽሮ 30ኛው ምድብ ውስጥ ናቸው፤ የፀጉር ቅባት 3ኛው ውስጥ። ስለዚህ ምዝገባዋ ቅቤውን ላይሸፍን ይችላል።

እኔ በልቤ የጠበቅሁት መልስ «ያቃጥላል» የሚል ነበር። የሚያቃጥል ስም አናት ላይ ማን ይቀባል? እንዲያ ከሆነ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ትናንት መልሶቹን ላከችልኝ። «ያቃጥላል» ያሉት ሦስት ናቸው። ብዙዎቹ የጻፉት ሌላ ነው። «ባዕድ ነገር የለበትም።» «ሸክላ አይቀላቅሉም።» «ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገዛው።» የቅቤውን ዕቃ ያዩትም ቃላቸው ያው ነው። አንዷ ብቻ «ታዲያ በርበሬውን የምትፈጪው በፀጉር ቅቤ እጅሽ ነው?» ብላለች።

ቆይቼ አሰብኩበት። ስሟ የያዘው ቃል «በርበሬ» አይደለም ማለት ነው። ያልተቀላቀለ ማለት ነው። ገበያ ላይ ደግሞ ከበርበሬ ይልቅ ሰው ቅልቅሉን የሚፈራው ቅቤን ነው። ስለዚህ የወጥ ቅቤ ብታወጪ እስማማለሁ አልኳት። የፀጉሩን ግን ያቺ የአንዷ ልጅ ነገር አላስተኛኝም። «አንድ ሰው ናት እኮ ጋሼ፣ ደግሞ ፀጉሯን ቅቤ አትቀባም» አለችኝ።

«ቁጥሯን ስጪኝ» አልኳት።