ለአለቃ የሚላክ የፈቃድ ጥያቄ

«ለአለቃዬ “ሰላም ነው? ሐሙስና ዓርብ አልመጣም፣ የእህቴ ሰርግ ነው። ችግር የለውም አይደል?” ብዬ ልልክ ነው። ጓደኛዬ ግን እንዲህ አይጻፍም አለችኝ። እንዴት ላስተካክለው?»

ጓደኛሽ ልክ ናት። ትልቁ ችግር «አልመጣም» የሚለው ነው። ወስነሽ እያሳወቅሽው እንጂ እየጠየቅሽው አይደለም። «ችግር የለውም አይደል?» ደግሞ እሺ ከማለት ሌላ መልስ አይተውለትም። ሁለቱንም አውጪና «እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» በሚለው ተኪያቸው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ሰርግ ስላለ፣ የፊታችን ሐሙስና ዓርብ የሁለት ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሳምንቱን ሪፖርት ረቡዕ አጠናቅቄ አስረክባለሁ። ሰኞ በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ። ውሳኔዎን ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።»

ሪፖርቱን እንደ ምሳሌ ነው ያስገባሁት። አንቺ በእጅሽ ያለውን ሥራ ጻፊ። አለቃ መጀመሪያ የሚያስበው «ሥራው ምን ይሆናል?» ብሎ ነውና ይህቺን ዓረፍተ ነገር እንዳትተያት።

ከመላክሽ በፊት ግሶቹን አንድ በአንድ እያቸው። ብዙ ሰው «ቢያሳውቁኝ» ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ «እሺ ካልክ ንገረኝ» ይላል። አንዷ «አንተ» አክብሮቱን ሁሉ ታበላሸዋለች። በሌላ በኩል «ክቡርነትዎ» እና «እማጸናለሁ» ለሁለት ቀን ፈቃድ ይበዛሉ፣ ልመና ያስመስሉታል። የሰርጉንም ዝርዝር አትጨምሪ፣ ምክንያቱ በአንድ ሐረግ ይበቃል።