ለጆርናል ክለብ ማጠቃለያ ለምትጽፉ ወጣት ሐኪሞች

በቅርቡ እዚህ ሐዋሳ በሕፃናት ሕክምና የምትሠለጥን አንዲት ሬዚደንት፣ «ዶክተር፣ የጸሐፊዎቹን መደምደሚያ እንዳለ ካሰፈርኩ ማጠቃለያዬ ታማኝ አይባልም?» ብላ ጠየቀችኝ። በቆምንበት አጭር መልስ ሰጥቻት ተለያየን። ማታ ላይ ግን ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረ ወረቀት ትዝ አለኝና ይህን ደብዳቤ ለእርሷም ለእናንተም ለመጻፍ ተነሣሁ።

ወረቀቱ የአንድ ጆርናል ክለብ ማጠቃለያ ነበር። በትልልቅ ፊደል «ለታመሙ ሕፃናት ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ሞትን ይጨምራል» ይላል፤ ከሥሩ የመጽሔቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ሰፍሯል። አንድ ቀን ማለዳ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በተቅማጥ ተዳክሞ መጣ። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ አይመለስም፣ ጡት ሲሰጠውም አይስብም። ይህ ሁላችንም የምናውቀው ፕላን ሲ የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ በዚህ ዕድሜ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በመጀመሪያው አንድ ሰዓት፣ ቀሪው 70 ሚሊ ሊትር ደግሞ በአምስት ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል። ሲስተሯ መርፌውን አስገብታ ሪንገሩን ሰቅላለች፤ ጠብታውን ግን አልለቀቀችም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ተረኛው ወጣት ሐኪምም ወረቀቱን አይቶ አመነታና ለሚበልጠው ሐኪም ስልክ መደወል ጀመረ። እናትየው የልጇን እግር በነጠላዋ እየሸፈነች ሁለቱን በየተራ ታያቸው ነበር። ስልኩ እስኪነሣ የባከነው ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጁ ፈሳሹን አግኝቶ ዳነ፤ ሲስተሯም ሐኪሙም ጥንቁቅ ሰዎች ነበሩ፤ ማጠቃለያውን ያዘጋጀውም ጽሑፉን በትክክል ያነበበ ሰው ነበር። ሆኖም ያ ጥናት እንዲህ ያለውን ልጅ ጭራሽ አላካተተም።

ጥናቱ ፊስት በሚል አኅጽሮተ ስም የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ትኩሳት ያለበት ከባድ ሕመምና የደም ዝውውር መድከም ምልክት የታየባቸውን 3,141 ሕፃናት በዕጣ በሦስት ቡድን መደበ። አንዱ ቡድን አልቡሚን፣ ሁለተኛው ኖርማል ሳላይን በቦለስ፣ ማለትም ብዙ ፈሳሽ በአጭር ጊዜ ሲያገኝ፣ ሦስተኛው ቦለስ አላገኘም። ተመራማሪዎቹ 3,600 ሕፃናትን ለመመዝገብ አቅደው ነበር፤ መረጃውን በገለልተኝነት የሚከታተለው ኮሚቴ ግን ጥናቱ አስቀድሞ እንዲቆም መከረ። በ48 ሰዓት ውስጥ ከአልቡሚኑ ቡድን 10.6፣ ከሳላይኑ 10.5፣ ቦለስ ካላገኘው ደግሞ 7.3 በመቶ የሚሆኑት ሞተዋል።

ማስረጃው ይኸው ነው፦ እነዚህ ሕፃናት፣ ይህ ዕጣ፣ እነዚህ ሞቶች። ከመቶ ሕፃናት ሦስት ያህል ተጨማሪ ሞት ማለት ነው። ይኸው ልዩነት በንጽጽር ሲገለጽ ቦለስ ባገኙት ላይ የሞት ዕድል 1.45 እጥፍ ሆኖ ይነበባል፤ የመተማመኛ ወሰኑም ከ1.13 እስከ 1.86 ነው። «45 በመቶ ጨመረ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ አልዋሸም፤ አንባቢው ግን ከስንት ተነሥቶ እንደጨመረ ስለማያውቅ ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ አስፍሩ።

ጸሐፊዎቹ ያሉት ደግሞ ከግድግዳው ወረቀት ይልቅ ጠባብ ነው። ቦለስ በእነዚህ የሕክምና አቅም ውስን በሆነባቸው የአፍሪካ ሆስፒታሎች፣ የደም ዝውውራቸው በተዳከመ ጽኑ ሕሙማን ሕፃናት ላይ የ48 ሰዓት ሞትን እንደጨመረ ነው የገለጹት። ወረቀቱ ላይ ሲደርስ «በእነዚህ ሆስፒታሎች» የሚለው ወደቀ፤ «የደም ዝውውራቸው የተዳከመ» የሚለው «የታመሙ» ሆነ። ተቅማጥና ትውከት ያለባቸው፣ እንዲሁም ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ከጥናቱ ውጭ መደረጋቸው ደግሞ የአሠራሩን ክፍል ላላነበበ ሰው አይታይም። እኔ ለዚህ ነው ከውጤቱ በፊት «እነማን አልተካተቱም?» የሚለውን ጥያቄ የምመልሰው።

ከዚህ የከፋ ግን ቦለስ ያላገኘውን ቡድን «ፈሳሽ ያላገኘ» ብሎ መጻፍ ነው። እነዚያ ሕፃናት እንደ ሌሎቹ ሁሉ ዕለታዊውን ፈሳሽ በዝግታ አግኝተዋል፤ አንቲባዮቲክ፣ የወባ መድኃኒትና ደም ለሚያስፈልጋቸው ሁሉ ተሰጥቷል። ማነጻጸሪያው ምን እንደተደረገለት ያልገለጸ ማጠቃለያ ልዩነቱ በምንና በምን መካከል እንደሆነ አይናገርም።

ሦስተኛው ነገር ትርጓሜ ነው። ቦለስ ለምን ጎዳ? ጸሐፊዎቹ በውይይቱ ክፍል የተለያዩ ምክንያቶችን አንሥተዋል፤ ሰውነት ደም ሥሮቹን በማጥበብ ራሱን የሚከላከልበትን መንገድ ቦለሱ አፍርሶት ሊሆን እንደሚችልም ጠቅሰዋል። ዕጣው ቦለስ መስጠትን ከአለመስጠት ጋር አነጻጽሮልናል፤ የጉዳቱን መንገድ ግን አልፈተነልንም። ስለዚህ «ቦለስ ሞትን ጨመረ» ብላችሁ በእርግጠኝነት ስትጽፉ፣ ምክንያቱን ግን «ጸሐፊዎቹ እንደሚገምቱት» በሚል ለይታችሁ አስቀምጡ። ብዙዎቻችን ፈሳሽ በሳንባ ወይም በአንጎል በዝቶ ይሆናል ብለን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዚያው ቡድን ተጨማሪ ትንተና ግን ለተጨማሪው ሞት ዋነኛ ድርሻ ያለው ከፈሳሽ መብዛት ይልቅ የልብና የደም ዝውውር መውደቅ መሆኑን አመለከተ። ማጠቃለያው ላይ ግምትን እንደ ውጤት የጻፈ ሰው ያን ጊዜ ሙሉ አንቀጽ መሰረዝ ነበረበት፤ ለይቶ የጻፈ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ፈጥናችሁ ታነባላችሁ፤ እኛ መጽሔቱን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር። ፍጥነቱ ግን አብስትራክቱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላላክን አስለምዷችኋል፤ ይህ አያስደስተኝም። ያልተካተቱት ሕፃናት ዝርዝር በዚያች ፎቶ ውስጥ አይገባም።

የራሳችሁን አስተያየት ከማጠቃለያው አርቁ እላለሁ። ሆኖም እኔ ራሴ ዛሬ ያን ወረቀት ብጽፍ ያለ አስተያየት አልተወውም፦ «ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌላቸው የሦስት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሆስፒታሎች፣ ትኩሳትና የደም ዝውውር መድከም ለታየባቸው ሕፃናት ቦለስ መስጠት፣ ዕለታዊ ፈሳሽ ብቻ ከመስጠት ጋር ሲነጻጸር፣ የ48 ሰዓት ሞትን ከ7.3 ወደ 10.5 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጓል። ተቅማጥና ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው አልተካተቱም። የጉዳቱ መንገድ በዚህ ጥናት አልተፈተነም።» ከዚያ በታች መስመር አስምሬ በስሜ «በእኔ አስተያየት፣ በተቅማጥ ለደረቀ ሕፃን ፕላን ሲ እንዳለ ይቀጥላል» ብዬ እጽፋለሁ፤ መስመሩ ከሌለ አንባቢው ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጥናቱ የተናገረው አድርጎ ይወስደዋልና።