የስንብት ደብዳቤ ስለምትጽፉ ወጣቶች

በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል በቅርቡ የተቀጠረች ወጣት «ሠራተኛው ከሥራ የሚቀረው እየጠጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ይህን በስንብት ደብዳቤው ላይ ብጽፈው ምን አለበት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ጉዳይ ቀሰቀሰብኝ።

ለአንድ ፋብሪካ ጠበቃ ሆኜ ስከራከር ዶሴው ውስጥ ያገኘሁት የስንብት ደብዳቤ «በመጠጥ ሱስ ተጠምደው ሥራቸውን በመናቅ በተደጋጋሚ ስለቀሩ» ይላል እንጂ አንድም የቀሩበትን ቀን አይጠቅስም። የሚያሳዝነው፣ የመገኛ ሰዓት መዝገቡ ቀናቱን በሙሉ ይዞ ነበር፤ ሰውየውም መቅረታቸውን አልካዱም። ክርክሩ ግን ይጠጣሉ ወይስ አይጠጡም ወደሚለው ዞረና የመጣው ምስክር፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ «ሲባል ሰምቻለሁ» ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከዚህም በላይ ደብዳቤው ለየክፍሉ በግልባጭ ተልኮ ስለነበር፣ ማንም ያላረጋገጠው ቃል በፋብሪካው ማኅተም ስር ከቢሮ ወደ ቢሮ ዞሯል። ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰው በዚያ አንድ ሐረግ ስማቸው ሲጎድፍ አይቻለሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 የሚጠይቀው ጠባብ ነገር ነው፦ ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረ እንደሆነና መቅረቱ በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይቻላል። ለምን እንደቀረ የማስረዳት ሸክም በራሳችሁ ላይ አትጫኑ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጥቅምት 4 እና 5፣ ኅዳር 12፣ ታኅሣሥ 3 እና ጥር 8 ቀን በሥራ ገበታዎ ላይ አለመገኘትዎን የመገኛ ሰዓት መዝገቡ ያሳያል። ጥቅምት 8 እና ኅዳር 15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። ለእነዚህ ቀናት የፈቃድ ጥያቄ ወይም የሕክምና ማስረጃ እስከ ዛሬ ለድርጅቱ አልቀረበም። ስለሆነም የሥራ ውልዎ ከጥር 20 ቀን ጀምሮ ተቋርጧል።»

«አልቀረበም» ማለት ፋይሉን አገላብጦ የሚረጋገጥ ነው፤ «ሆን ብለው» ማለት ግን የሰው ልብ ውስጥ መግባት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀን ከፈቃድ መዝገቡ ጋር አመሳክሩ፤ የአንዱ ቀን የሐኪም ወረቀት ከተገኘ አራት ብቻ ይቀራል፣ የስንብቱ ምክንያት ይወድቃል። የዛሬ ወጣቶች ቅጽ ከስልክ መገልበጥ ትወዳላችሁ፤ የተሻረውን አዋጅ 377/96 እየጠቀሰ «አምስት ተከታታይ ቀን» የሚል ደብዳቤ አሁንም ይደርሰኛል።

የመጨረሻውን፣ የጥር 8ን መቅረት ካወቃችሁ በኋላ ለማሰናበት ያላችሁ ጊዜ 30 የሥራ ቀን ነው። ግልባጩንም ለደመወዝ ክፍልና ለግል ማህደር ብቻ ላኩ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ።