«ታፔላው ሲለካ እናቴ አየችው፤ ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች»

«ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ 34 ዓመቴ ነው። ቤተሰባችን 24 ዓመት የቆየ ምግብ ቤት አለው። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ታፔላው ላይ ያለው የአባቴ ስም ነው፤ ሰው ግን “እትዬ ቤት” ነው የሚለው። ደንበኞቻችን ሾፌሮች፣ ጡረተኞች፣ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡ ሰዎች ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በበራችን አልፎ ሌላ ቦታ ይበላል። ስለዚህ ከእኔና ከባለቤቴ ስም የመጀመሪያ ፊደላት አጭርና ዘመናዊ ስም አወጣሁ። የአባቴን የሙት ዓመት ተዝካር ካወጣን ከሦስት ሳምንት በኋላ ታፔላ ሠሪው መጥቶ ሲለካ እናቴ አየችው። “እኔ ስሞት ትቀይረዋለህ” ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ይኸው ሁለት ሳምንት አታናግረኝም። ሁለቱ እህቶቼም የእሷን ወገን ያዙ። የድሮዎቹን ሳላጣ ወጣቱን መሳብ ነው የፈለግኩት። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

ወንድሜ፣ ስለ ጥፋት ከማውራታችን በፊት ንግዱን እንየው፤ አንተም እሱን ነው ያስቀደምከው።

ነን ካፌ የሆነ ተማሪ ወር ሙሉ የሚበላበትን ቤት ሲመርጥ የሚያየው ኮንትራት መኖሩን፣ ሳህኑ ምን ያህል እንደሚሞላ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መሃል በልቶ መመለስ መቻሉን፣ በቴሌብር መክፈሉን ነው። ስሙን የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደብዳቤህ ላይ ስለ ኮንትራትም፣ ስለ ዋጋም፣ ስለ ምግብ ዝርዝሩም አንድ ቃል የለም። አዲስ ስም ተማሪውን አንድ ቀን ያስገባው ይሆናል፤ ሁለተኛ ቀን የሚመልሰው ግን ሳህኑ ነው።

የድሮ ደንበኛ ደግሞ አዲስ ታፔላ ሲያይ «ዘመናዊ ሆኑ» አይልም። «ተሸጠ እንዴ?» ነው የሚለው። እኛ አገር የተቀየረ ታፔላ የተቀየረ ባለቤት ማለት ነው። ባለቤቱ በሞተ በዓመቱ ሲሆን ደግሞ ጥያቄም አይቀረው፤ «ልጆቹ ሸጡት» ብሎ ያልፋል። (ዱቤ ያለበት ቢኖር ጭራሽ ደስ ብሎት ያልፋል።) ሾፌሩን ከአስፋልቱ ወርዶ እንዲገባ የሚያደርገው ቀለሙ ሳይሆን በሩ ላይ የሚያየው የእናትህ ፊት ነው። ስሙ፣ ቀለሙና ምግቡ በአንድ ሳምንት ከተቀየሩ፣ በዚያው ሳምንት እሳቸው ጓዳ ገብተው ከቀሩ፣ ወሬው ተረጋገጠ ማለት ነው። ስለዚህ እናትህን ሳትይዝ የድሮዎቹን መያዝ አትችልም። ሁለት ጉዳይ መስሎህ የጻፍከው አንድ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤህ ልመለስ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ዘጠኝ ዓመት እንደሠራህ ነግረኸኛል። ደመወዝ እንዳለህ፣ ድርሻ እንዳለህ አልነገርከኝም። ወጣቶችን ለመሳብ ስም ማውጣት ከሆነ ነገሩ፣ በዓለም ላይ ካለው ስም ሁሉ የመረጥከው ከራስህና ከባለቤትህ ፊደላት የተሠራውን ነው። ተማሪው ፊደላቱ የማን እንደሆኑ አያውቅም። የሚያውቁት እናትህና እህቶችህ ናቸው። እነሱ ታፔላው ላይ ያነበቡት «ይህ ቤት ከእንግዲህ የእኛ ነው፣ የእናንተ አይደለም» የሚል ነው። ያነበቡትም ተሳስተው አይመስለኝም።

ይህን የምለው ልወቅስህ ብዬ አይደለም። በ25 ዓመትህ ማንቀሳቀስ የጀመርከው ቤት ውስጥ ዛሬም «የእትዬ ልጅ» ትባላለህ። የምታስተዳድረው ግን የአንተ ያልሆነ ቤት ነው። ይህ ሰውን ከውስጥ ይበላል። ግን እናት በሕይወት እያሉ «ድርሻዬ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ እኛ ዘንድ ሞታቸውን እንደመመኘት ይቆጠራል። ስለዚህ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። ጥያቄው ግን አይጠፋም፤ ሌላ ልብስ ለብሶ ይወጣል። በአንዱ ቤት የግንብ ቀለም ይሆናል፣ በሌላው የካዝና ቁልፍ፣ በእናንተ ቤት ታፔላ ሆነ። ስለ ስም ስትሟገቱ ማናችሁም ስለ ውርስ እንደምታወሩ አላመናችሁም። እናትህ ብቻ ሳያውቁት እውነቱን ተናገሩት፤ «እኔ ስሞት» አሉ። ስለ ታፔላ የጠየቅካቸው ሴት ለምን ስለ ሞታቸው መለሱ? ከታፔላው ጀርባ ያለውን ጥያቄ ስለሰሙ ነው።

እንዲያውም የጠየቅካቸው አልልም። ከታፔላ ሠሪው ሜትር ነው ያወቁት፤ ያውም ተዝካሩ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት። አንተ ዓመቱን ጠብቄአለሁ ብለህ ይሆናል። እሳቸው ግን ባላቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀበሩ ነው ያዩት። እዚህ ላይ ጥፋትህ ግልጽ ነው፤ ይቅርታው የሚጠየቀውም ስለ ስሙ ሳይሆን ስለዚህ ነው።

ሕጉም ቢሆን ወደዚያው ጥያቄ ይመልስሃል። ፈቃዱ በአባትህ ስም ከሆነ፣ የንግድ ስም ማሻሻያ ከማሰብህ በፊት የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት ይኖርባችኋል። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት ከሆነ ግማሹ የእናትህ ነው፤ አባትህ ካልተናዘዙ ቀሪው ለአንተና ለእህቶችህ እኩል ይከፈላል። ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚጠይቁህን ወረቀት ሄደህ አረጋግጥ፤ የካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝም ከፈቃዱ ስም ጋር መግጠም አለበት። ያለ እናትህና ያለ እህቶችህ ፊርማ ሊቀየር የሚችለው ቀለሙ ብቻ ነው።

ምን ታድርግ? መጀመሪያ ይቅርታውን ብቻህን፣ ቤት ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ባልሆነ ጊዜ ጠይቅ። በዚያው ቀን ስለ ስም አታንሳ። «እትዬ ቤት የሚለውን መጀመሪያ ማን አወጣው?» ብለህ ጠይቃቸውና ዝም ብለህ ስማ። ሳምንታት ቢፈጅም ይፍጅ። ስለ ደመወዝህና ስለ ድርሻ ደግሞ እህቶችህ ባሉበት፣ በግልጽ፣ በስምህ አንሳው። አራታችሁን ይዞ የሚያነጋግር የምክር ባለሙያ በአካል ብታገኙ እመርጣለሁ፤ ካልሆነ ከቤቱ ጥቅም የሌለው፣ ሁላችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ይበቃል።

ስለ ስሙ አንድ ሐሳብ ልጣልህ። ለካ ስማችሁ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው። «እትዬ ቤት» ፈቃድ ላይ የለም፣ ታፔላ ላይ የለም፤ ግን አፍ ላይ ያለው እሱ ነው። የአፍ ስም ደግሞ በወረቀት አይሻርም፤ ኢትዮ ቴሌኮምን ዛሬም «ቴሌ» ነው የምንለው፣ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቢቀይርም «መብራት ኃይል» እንላለን። ተማሪም ቢሆን «እትዬ ቤት እንብላ» ማለት የሚከብደው አይመስለኝም፤ ለመያዝ ካንተ ምህጻር ይቀላል። «እትዬ ቤት» በትልቁ፣ ከሥሩ የአባትህ ስምና የተከፈተበት ዓመት በትንሹ ቢጻፍ ሾፌሩም «ተሸጠ» አይልም። ሌላ ሰው ቀድሞ ያስመዘገበው ስም እንዳይሆን ግን አጣራ። ይህም ቢሆን የእኔ ግምት ነው፤ የሚወስኑት እናትህ ናቸው፣ የሚወርደው የባላቸው ስም ነውና።

እስከዚያ ኮንትራቱን በአሁኑ ታፔላ ጀምረውና ለአንድ ወር ተማሪ ቁጠር። በመጀመሪያው ሳምንት ከገቡት በአራተኛው ስንቱ እንደተመለሱ እይ። ከተመለሱ ችግሩ ስሙ አልነበረም። ለታፔላ ሠሪው ቀብድ ከፍለህም ከሆነ ብረቱን ይበይድ፣ ፊደሉን ግን አይንካ በለው፤ ልኬቱ ያው ነው።