ሁለት ዓመት የፈጀ ጽሑፍ በአንድ ጥራዝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ነው የሚያርፉት። የድሬ ሰው ነኝና ሁላችሁንም አንተ፣ አንቺ እያልኩ ልመልስ።

«ስለ ሐረር ስፌት በአማርኛ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ከሁለት ዓመት በፊት ለፕሮፖዛል ጻፍኳቸው፤ አራትና አምስትን ዘንድሮ። አማካሪዬ የሁለት ሰው ጽሑፍ ይመስላል አለኝ። ከየት ልጀምር?» ከሐረር

ከስሞቹ ጀምሪ። በላክሽልኝ ገጾች ላይ ያችው አንዷ ሴትዮ ምዕራፍ አንድ ላይ «የዕደ ጥበብ ባለሙያ» ነች፣ ሦስት ላይ «መረጃ ሰጪ»፣ አራት ላይ ደግሞ «ሰፊ»። አንባቢ ሦስት ዓይነት ሰው ያነጋገርሽ ይመስለዋል።

አንድ ወረቀት ያዢና በአንድ በኩል የመረጥሽውን ቃል፣ በሌላው በኩል የሚቀሩትን ጻፊ። ግን የተለያየ ቃል ሁሉ ስህተት አይደለም። «ስፌት ሠሪ» የሙያ ስም ነው። «መረጃ ሰጪ» ያነጋገርሽው ሰው ሁሉ ነው፤ ስፌት የሚሸጡት ነጋዴዎችም እዚያ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ሁለቱም ይቆዩ፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይግባ። «የዕደ ጥበብ ባለሙያ» እና «ሰፊ» ይውጡ።

እዚህ ላይ Replace All እንዳትነኪ! «ሰፊ»ን በሙሉ በ«ስፌት ሠሪ» ብትቀይሪ «ሰፊ ጥናት» ያልሽው «ስፌት ሠሪ ጥናት» ይሆንልሻል። አንድ በአንድ እያየሽ ቀይሪ። ፊደላችንም ሌላ ወጥመድ አለው። «ደንበኛ» ብለሽ ብትፈልጊ «ደንበኞች» አይመጣልሽም፤ «ኛ» «ኞ» ሆናለችና። «ደንበ» ብለሽ ፈልጊ። «ሐረር» እና «ሀረር»፣ «ጀጎል» እና «ጁገል»ም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመረጥሽውን አጻጻፍ ወረቀቱ ላይ አስፍሪ፣ የተውሽውን ደግሞ በ Ctrl+F አድነሽ አውጪ።

«ምዕራፍ ሦስት ላይ ‹ይደረጋል› ያልኩትን ሁሉ ‹ተደርጓል› አድርጌዋለሁ። በቃ አለቀ አይደል?» ከሳቢያን

ኧረ አላለቀም! እኔም በጊዜዬ እንዲሁ አድርጌ ጉድ ሆኛለሁ። ፕሮፖዛሌ ላይ «20 ሰዎች ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸዋል» ብዬ ነበር። ያገኘሁት 14 ሰው ነው። ግሱን ወደ «ተደርጎላቸዋል» ሳዞር ቁጥሩን ረሳሁት። ፈታኙ ምዕራፍ አራት ላይ ያሉትን ሰዎች ቆጥሮ «ስድስቱ የት ሄዱ?» አለኝ። የወደፊቱ ግስ ቃል ኪዳን ነበር፤ ስታዞረው ምስክርነት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ግስ ስታዞር የመስክ ማስታወሻህን አጠገብህ ዘርግተህ አረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር፣ ቦታና ወር አመሳክር። ሁለት የቡድን ውይይት አቅደህ አንድ ብቻ ከተካሄደ አንድ በል፣ ምክንያቱንም በአንድ መስመር ጻፍ።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሥራው እንደሚመስለው አይከብድም። «።»ን በ Ctrl+F ፈልግና ከአንዱ ወደ ሌላው ዝለል፤ ግሱ ከፊቷ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። አሮጌው ምዕራፍ ላይ አራት ነጥቡን በሁለት «፡» ጽፈኸው ሊሆን ስለሚችል «፡፡»ንም ፈልግ።

ሁሉም ወደ ኃላፊ ጊዜ አይዞርም ታዲያ። የሠራኸው ሥራ «ተሰበሰበ»፣ «ተጠየቁ» ይሁን። ሌሎች የጻፉትን ስትጠቅስ «ይላል»፣ «ያስረዳል» ካልክ እስከ መጨረሻው በዚያው ቀጥል። ዛሬም ያለ ልማድ ባለበት ይቆያል፤ ሞሰብ በአለላ ይሰፋል እንጂ «ተሰፋ» ካልክ ሙያው የጠፋ ያስመስላል።

«‹አጥኚዋ› ልበል ወይስ ‹እኔ›?» ከከዚራ

መጀመሪያ የትምህርት ክፍልሽን መመሪያ እይ። ዝም ካለ አንዱን ምረጪና አንድ ምዕራፍ ላይ «አጥኚዋ»፣ ሌላው ላይ «እኔ»፣ ሦስተኛው ላይ «እኛ» አትበይ። «መረጃው ተሰብስቧል» ማለትም ይቻላል፣ ረዳት ከነበረሽ ግን ማን እንደሰበሰበው ለይተሽ ጻፊ። በነገራችን ላይ፣ ሴት ሆነሽ ጽሑፍሽ ውስጥ «አጥኚው» የሚል ካገኘሽ ያ አንቀጽ ከማን እንደመጣ ራስሽን ጠይቂ። ፈታኙም ይጠይቃል።

«አንዱ ምዕራፌ ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ነው ይላል፣ ሌላው በ2006። የቱን ልሰርዝ?» ከሐረር

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ ዓ.ም.፣ ሌላው እ.ኤ.አ.። ጽሑፉን በሙሉ ወደ ዓ.ም. አምጣው፤ እ.ኤ.አ. መተው ያለብህ ቦታ ላይ ምልክቱን አትርሳ። ግን ሁሉንም ቁጥር በደፈናው 8 እየቀነስክ እንዳትለውጥ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። ወሩን ካላወቅህ ቁጥሩን ሳትነካ ወደ ምንጩ ተመለስ።