«ጥቅምት 30» ብዬ ልጻፍ?

ለአምዱ አዘጋጅ፦

እኔ 48 አባላት ያሉት የአንድ የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የምንሠራው ጂ ፕላስ 9 ሕንፃ መስከረም 30 ይረከባል ተብሎ ለአባላቱ ቃል ተገብቷል። አሁን ሰኔ አጋማሽ ላይ ነን፤ ሊፍቱ ግን ገና ፋብሪካ ውስጥ ነው። አቅራቢው ድርጅት የውጭ ምንዛሪ ባለማግኘቱ፣ በጥር ሊከፈት የሚገባው ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ፣ የተከፈተው ግንቦት 25 ነው። አቅራቢው እንደሚለው ምርቱ 12 ሳምንት፣ እስከ ጅቡቲ የባሕር ጉዞው 5 ሳምንት፣ ከወደብ እስከ አዲስ አበባ ከነጉምሩኩ 4 ሳምንት፣ ተከላና ፍተሻው ደግሞ 6 ሳምንት ይፈጃል።

የሚያንገበግበኝ መዘግየቱ ብቻ አይደለም። ለአባላቱ የማዘጋጀውን ደብዳቤ ሰብሳቢያችን ደጋግመው ይሰርዙብኛል። በአባቴ ዕድሜ ያሉና የማከብራቸው ሰው ናቸው፤ ይሁን እንጂ ስለ ኤልሲው የጻፍኩት ሁሉ ወጥቶ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ርክክቡ ለጥቂት ጊዜ መራዘሙን እየገለጽን፣ ለትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» የሚል ብቻ ቀርቷል። «ሰው ከደነገጠ ክፍያ ያቆማል» ይላሉ። በሌላ በኩል ምክትላቸው ሁሉንም ዝርዝር ካላወጣን በኋላ እንከሰሳለን ባይ ናቸው። በመካከል ሆኜ ሦስት ሳምንት አለፈ። በቴሌግራም ግሩፑ ጥያቄው እየበዛ ነው፤ አንዳንድ አባላት እንዲያውም ለአከራዮቻቸው ቤት እንደሚለቁ ከወዲሁ መናገራቸውን ሰምቻለሁ። ሰብሳቢው በመጨረሻ «ቢያንስ ጥቅምት 30 ብለህ ጻፍና ይረጋጉ» ብለውኛል። ብዙም የተራራቀ ቀን ስላልሆነ፣ እንደዚያ ብዬ ልጻፍ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም የማጣ ሥራ አስኪያጅ

—

ወንድሜ፣

ከደብዳቤዎ ውስጥ በጣም ያስደነገጠኝ ሰብሳቢውም ኤልሲውም አይደለም። «እንዲያውም» ብለው በአንድ መስመር ያለፉት የአከራዮቹ ነገር ነው። አንድ ቤተሰብ በመስከረም ቤት እለቃለሁ ብሎ ለአከራዩ ከተናገረና አከራዩ ለሌላ ተከራይ ቃል ከሰጠ፣ የእርስዎ ዝምታ ቤተሰቡን ዝናብ ባባራበት ሰሞን ከነዕቃው መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። በዚያ ላይ ሐምሌና ነሐሴ የትምህርት ቤት ምዝገባ ነው፤ ልጁን ወደ አዲሱ ሰፈር ለማዛወር ያሰበ ወላጅ የሚወስነው አሁን ነው። ሰብሳቢው ስለ ድንጋጤ፣ ምክትሉ ስለ ክስ ይጨነቃሉ፤ አባላቱ ግን በዚህ ሰዓት እውነት ባልሆነ ቀን ላይ ተመሥርተው ገንዘባቸውንና ልጆቻቸውን የሚመለከት ውሳኔ እየወሰኑ ነው። ስለዚህ «ደብዳቤው መቼ ይውጣ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው አዲሱ ቀን ተጣርቶ እስኪያልቅ በመጠበቅ አይደለም። መስከረም 30 እንደማይሆን ካወቁበት ቀን ጀምሮ የማሳወቅ ግዴታ አለብዎት፤ ሦስቱ ሳምንታት ከዚህ ላይ ተቀንሰዋል።

ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ስልክዎን አንሡና ቤት እንለቃለን ማለታቸውን የሰሙባቸውን አባላት በየተራ ያነጋግሩ። እነዚህ ሰዎች ነገሩን ከ48ቱ ጋር እኩል በቴሌግራም ሊያነቡ አይገባም። ውላቸውን ለማደስ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ አስፈላጊ ከሆነም ለአከራያቸው የሚያሳዩት የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይስጧቸው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከደብዳቤው ቃላት ሁሉ ይልቅ በማኅበሩ ላይ ያለውን እምነት የሚጠብቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥቅምት 30 እንምጣ። የላኩልኝን ቁጥሮች እኔም ደመርኋቸው። 12፣ 5፣ 4 እና 6 ሲደመሩ 27 ሳምንት ይሆናሉ። ከግንቦት 25 ተነሥተው፣ ጳጉሜንም ቆጥረው ቢሄዱ የሚደርሱት ኅዳር 29 አካባቢ ነው። ይኸውም ምንም ነገር ካልተሰናከለ ነው፤ ማለትም ፋብሪካው በቀኑ ቢጨርስ፣ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ሳይቆም ቢያልፍ፣ ተካዮቹም ሌላ ሕንፃ ላይ ሳይያዙ ቢቀርቡ። ሰብሳቢው የሰጡዎት ቀን ሁሉም ነገር በተሳካበት መንገድ እንኳ የማይደረስበት ነው። «ብዙም የተራራቀ ቀን ስላልሆነ» ያሉትን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው፤ በራስዎ ሰነድ መሠረት ውሸት ነው፣ ጥቅምትም ሲደርስ ሁለተኛ ደብዳቤ ያስጽፍዎታል። የመጀመሪያውን መዘግየት ሰው በብዛት ይቀበላል፤ ሁለተኛው ግን ስለ ሕንፃው ሳይሆን ስለ እርስዎ የሚናገር ይሆናል።

ይህን ለማየት የለንደኑን የኤልሳቤጥ መስመር ባቡር ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ሊከፈት ታቅዶ ሳለ፣ አራት ወር እንኳ ሳይቀረው ወደ 2019 መጸው መዛወሩ ተነገረ። በዚያው በታኅሣሥ 2018 ግን ያም ቀን እንደማይደረስበት ተናገሩ። በሚያዝያ 2019 አንድን ቀን ትተው የስድስት ወር ወሰን አስቀመጡ፤ ከጥቅምት 2020 እስከ መጋቢት 2021። እሱም ተላለፈ፤ መስመሩ ለሕዝብ የተከፈተው በግንቦት 2022 ነው። ከዚህ የምወስደው ወሰን መስጠት አይጠቅምም የሚል አይደለም። ወሰኑ የሚያዋጣው በውስጡ ያለውን ሥራ በደንብ ካወቁት ብቻ ነው፤ በለንደን ያልታወቀው ጉዳይ የባቡሮቹና የምልክት ሥርዓቱ አብሮ መፈተሽ ነበር። እርስዎ ያልተከናወነውን ነገር በሳምንት ከፍለው ያውቁታል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን የምጽፈው ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን ወሰን ነው፤ ሁለተኛው ጫፍ የወደብና የተካዮች መጓተት ሊወስድ የሚችለውን ከስምንት ሳምንት በላይ ይይዛል። ወሰኑ ሊጠብ የሚችልበትንም ጊዜ እነግራቸዋለሁ። የሚከተለውን ቃል በቃል ባይወስዱትም ቅርጹን ይያዙ፦

«ውድ አባላት፣ ርክክቡ መስከረም 30 አይፈጸምም። የሊፍቱ ኤልሲ በጥር ፈንታ ግንቦት 25 ስለተከፈተ ምርቱ ዘግይቷል። ባለን መረጃ ርክክቡ ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲሆን እንጠብቃለን፤ ከጥር መጨረሻ በፊት ይሆናል ብላችሁ የኪራይ ውል እንዳታፈርሱ እንመክራለን። ሊፍቱ ከፋብሪካ ሲወጣና ጅቡቲ ሲደርስ እናሳውቃችኋለን፤ በእነዚህ ቀናት ወሰኑን እናጠባለን ወይም ስለ መለወጡ እንናገራለን። ቀጣዩ መግለጫ፣ አዲስ ነገር ኖረም አልኖረም፣ ሐምሌ 30 ይወጣል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በግሩፑ ላይ ያለውን ጥያቄ የሚያረግበው እሱ ነው። ሰው የሚጨነቀው መጥፎ ዜና ስለሰማ ብቻ አይደለም፤ ቀጣዩን ዜና መቼ እንደሚሰማ ሳያውቅ ሲቀርም ይጨነቃል። ስለዚህ ሐምሌ 30 ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «ሊፍቱ ገና በምርት ላይ ነው፣ ወሰኑ አልተለወጠም» ብለው መጻፍ አለብዎት። አንዴ ከዘለሉት የጻፉት ወሰን ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለቱን ሳይጠየቁ ይመልሱ፤ እነዚህን ቀድመው ካልተናገሩ እየደበቁ ይመስላል። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው። የአባላቱ ክፍያ የት እንዳለ፣ ለአቅራቢው ምን ያህሉ እንደተከፈለ፣ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅ እንደሆነ ይጻፉ። ብር በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንደናረ አባላትዎ ያውቃሉ፤ ስለዚህ መዋጮ ይኖር እንደሆነ ገና ካልተወሰነ «አልተወሰነም፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል» ይበሉ። ስለ መዘግየቱ አንድ ደብዳቤ ጽፈው ከሳምንታት በኋላ ስለ መዋጮ ሌላ መጻፍ፣ ሰብሳቢው የፈሩትን የክፍያ መቆም በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ሁለተኛው «ያለ ሊፍት ብንገባስ?» የሚለው ነው። በተለይ በታችኛው ፎቅ የሚገኙ አባላት ይጠይቃሉ። ሊፍቱ እስኪተከል ድረስ የጉድጓዱ በሮች በየፎቁ ክፍት ወይም በጣውላ የተዘጉ ናቸው፤ በተከላ ወቅት ሐዲድና ሞተር የሚሰቀሉት በዚያው ነው፤ ልጅ ያለው ቤተሰብ እንዲያድርበት መፍቀድ አይቻልም። ከዚያም በሕንፃው ለመኖር የሚያስፈልገው የመጠቀሚያ ፈቃድ አለ። ይህን በሁለት መስመር ከጻፉት፣ እምቢታው እርስዎ ስላልፈለጉ ያልሆነ መሆኑ ይገባቸዋል። ምክትሉ የሚሉትን ዝርዝር ሁሉ ግን አያስገቡ፤ የኤልሲ ቅጂ፣ የደብዳቤ ልውውጥና የፋብሪካ ማብራሪያ አባል ሲጠይቅ በቢሮ ይታያል እንጂ በደብዳቤው ውስጥ አይገባም።

«ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለውን ሐረግ በተመለከተ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቴ ሽሽት መምሰሉ ብቻ አይደለም። ይህ ሐረግ በሕግ የተበጀ ትርጉም አለው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአቅም በላይ ምን እንደሆነ ከቁጥር 1792 ጀምሮ ይዘረዝራል፤ በቁጥር 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርንና ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትን ከአቅም በላይ አይደሉም ብሎ ያወጣቸዋል። የምንዛሪ እጥረት ከየትኛው ወገን እንደሚገባ የሚያከራክር ነው። አቅራቢው በውሉ መሠረት የመዘግየት ቅጣት ቢጠየቅ፣ ማኅበራችሁ በማኅተም ያወጣውን «ከአቅም በላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ይዞ ቀርቦ «እናንተው ጽፋችሁታል» ሊል ይችላል። ሰብሳቢው ይህን ሲሰሙ እርሳሳቸውን እንደሚያስቀምጡ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ይጻፉ፦ ኤልሲው መቼ ሊከፈት ታስቦ ነበር፣ መቼ ተከፈተ። ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚወሰነው በውሉ ነው እንጂ በአባላቱ ደብዳቤ አይደለም።

ለሰብሳቢው ማክበርዎ ደስ ይለኛል፤ ልክ ነው። ግን ሰውየውን በቃል አይሟገቱ። የ27 ሳምንቱን ድምር በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙላቸው፣ ቅጣቱን የሚመለከተውን ነጥብ ከሥሩ ያክሉ፣ ከዚያ «ጥቅምት 30 ብለን ከጻፍን በኅዳር ምን እንላለን?» ብለው ይጠይቋቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥቅምት 30 ይጻፍ ቢሉ፣ ጉዳዩ በቦርዱ ቀርቦ የእርስዎ ስሌት በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ይጠይቁ፤ ደብዳቤውንም ሰብሳቢው ይፈርሙት። ስምዎ በማያምኑበት ቀን ሥር አይውጣ።