የደብረ ብርሃን ነፋስና የቋሊማ ነገር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 3 ኪሎ የበሬ ሥጋ ፈጭቼ በበሬ አንጀት ሞላሁና በረንዳ ላይ ሰቀልሁት። በሳምንቱ ላዩ ደረቀ፣ መሃሉ ግን ጥሬ ነው። ጨው ሁለት እፍኝ ጨምሬበታለሁ።

መልስ፦ የጎዳዎት ነፋሱ ነው። የኅዳር ብርድ ሥጋውን ከመበላሸት ያቆያል፤ ደረቅ ነፋሱ ግን ላዩን ቶሎ ስለሚያጠነክረው የመሃሉ ውኃ መውጫ ያጣል። ሲቆርጡት ዳር ዳሩን ጠቆር ያለ ጠንካራ ቀለበት፣ መሃሉ ደግሞ ልፍስፍስ ሆኖ ካገኙት ምልክቱ ያ ነው። ቋንጣ በስሱ ስለሚዘለዘል በዚያው ነፋስ ያምርበታል፤ ቋሊማ ግን ድፍን ነው። ነፋስ በማይመታው ክፍል፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሙቀትና 75 በመቶ ገደማ እርጥበት ባለበት ይሰቀል። ሲሰቅሉ አንዱን ይመዝኑት፤ 1 ኪሎ የነበረው 700 ግራም ገደማ ሲደርስ ደርቋል።

እፍኝ ግን መለኪያ አይሆንም። ለ3 ኪሎ ሥጋ 84 ግራም ጨው ይበቃል። ሳይበስል የሚበላ ከሆነ ናይትራይት ያለበት የሥጋ ጨው ያስፈልጋል፤ መጠኑ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን፤ እርሱ ራሱ ጨው ስለሆነ ከ84 ግራሙ ውስጥ ይቆጠር። አሁን የሰቀሉትን ይጣሉት፤ በውስጡ ሊፈጠር የሚችለው አደገኛ መርዝ በማሽተትም በመቅመስም ላይታወቅ ይችላል።

ሌላ አንባቢ፦ እናቴ ያለዚህ ሁሉ መድኃኒት ስንት ዓመት ሠርታለች!

መልስ፦ የእናትዎ ቋሊማ ጢስ ጠግቦ፣ በኋላም በደንብ በስሎ የሚበላ ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው። እኔ የምለው በጥሬው ተቆርጦ ስለሚበላው ነው።

አንባቢው፦ እኛ በጥሬውም በልተናል፤ ማንም አልታመመም።

ጥያቄ፦ የሆቴሉ ቋሊማ ልጣጭ ፕላስቲክ ነው? ጓደኛዬ ሁሉም የአሳማ አንጀት ነው ይለኛል።

መልስ፦ ጓደኛዎ በከፊል ልክ ነው፤ የአሳማ አንጀት በውጭ አገር በሰፊው ይሠራበታል። ብዙው የፋብሪካ ልጣጭ ግን ከከብት ቆዳ ውስጠኛ ሽፋን ከሚወጣ ኮላጅን የተሠራ ነው፤ ከአሳማ ቆዳ የሚሠራም ስላለ ማሸጊያውን ያንብቡ። ለስላሳው የበሰለ ቋሊማ ብዙውን ጊዜ ከእንጨትና ከጥጥ ጭረት በሚገኝ ሴሉሎስ ውስጥ ይቀቀልና ልጣጩ ተገፎ ይሸጣል። ስታርችና የአኩሪ አተር ዱቄት የሚገባውም በዚሁ በበሰለው ቋሊማ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ውኃና ስብ ይይዛሉ። ተጠብሶ ለሚበላው ትኩስ ቋሊማ የዳቦ ፍርፋሪ ይሆናል። ሊደርቅ ለሚሰቀለው ግን አልመክርም፤ መውጣት ያለበትን ውኃ ይዞ ያስቀራል።

ጥያቄ፦ እኔ መንዝ ነኝ። የበግ አንጀት እንዴት ይጸዳል? ላቱንስ ልጨምርበት?

መልስ፦ ቀጭኑን አንጀት አጥበው ይገልብጡት፤ ሲለሰልስ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ዘርግተው በቢላዋ ጀርባ ይፋቁት። ልፋጩ ሁሉ ወጥቶ ጣትዎ በማዶው እስኪታይ ድረስ አያቁሙ። ውኃ ሲሞሉት የሚንጠባጠብበትን ቦታ ቆርጠው ይጣሉ፤ የተረፈው በጨው ተነስንሶ ይቆያል። ላትን ቱርኮች ሱጁክ በሚሉት ደረቅ ቋሊማቸው ውስጥ ይጨምሩታል። ቶሎ ስለሚቀልጥ ግን ሳይፈጭ በፊት በበረዶ ቤት ይጠንክር፤ አለዚያ ሥጋውን ይለቀልቀዋል። በመንዝ በግ ላት ስንት እጅ እንደሚበጅ የሞከረ ካለ ይጻፍልን።